16 መሣሪያ በአንድ መሥመር ላይ፦ የሞድባስ ሽቦ እንደገና ሲዘረጋ የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ሥራው ሲጀመር የነበረው ሁኔታ

በመቆጣጠሪያ ክፍሉ አንድ ጌትዌይ አለ። እሱ ማስተር፣ ማለትም ጠያቂ፣ ሆኖ በሞድባስ የመገናኛ ደንብ 10 ኢነርጂ ሜትሮችንና 6 የፓምፕ ኢንቨርተሮችን በአርኤስ 485 ሽቦ ያነባል። ሜትሮቹ አምስት አምስት ሆነው በሁለት ፓነል ውስጥ ናቸው፤ ኢንቨርተሮቹ በሙሉ በፓምፕ ክፍሉ ውስጥ ናቸው። ፍጥነቱ 9600 ባውድ፣ ፓሪቲው ኢቭን ነው። አድራሻቸው ከ1 እስከ 10 ሜትሮች፣ ከ11 እስከ 16 ኢንቨርተሮች።

የቀረበው ቅሬታ ይህ ነው፦ መሥመሩ ቀድሞም አልፎ አልፎ ይቆራረጥ ነበር፤ «120 ኦም ተርሚኔሽን የለውም» ተብሎ በየጫፉ ሬዚስተር ሲገባለት ግን ባሰበት። ኢንቨርተሮቹ ሞተር ሲነሣ ከመሥመሩ ይጠፋሉ። ከሁለተኛው ፓነል ሁለት ሜትሮች ደግሞ ከተገጠሙ ጀምሮ መልስ ሰጥተው አያውቁም።

ተርሚኔሽን የመሥመሩን ጫፍ ዘግቶ የሲግናል ነጸብራቅን የሚያጠፋ ሬዚስተር ነው፤ ባያስ ደግሞ ማንም በማይልክበት የዕረፍት ጊዜ በሁለቱ የዳታ ሽቦዎች መካከል ቋሚ የቮልቴጅ ልዩነት የሚያቆይ የሬዚስተር ጥንድ ነው። ተርሚኔሽን ገብቶ መሥመሩ ከባሰበት የመጀመሪያው ጥርጣሬ ባያስ ላይ ነው። ሁለቱ አንድ ሰርኪዩት ናቸው፤ አንዱን ነክቶ ሌላውን እንዳለ መተው አይቻልም። ስለዚህ ምንም ሽቦ ሳይነቀል መጀመሪያ ልኬት ተያዘ።

ቀን 1፦ መልቲሜትር ብቻ

ሁለት ልኬት በቂ ነው። አንደኛው የሁሉም መሣሪያ ኃይል ጠፍቶ በሁለቱ የዳታ ሽቦዎች መካከል ያለው ኦም ነው። ኃይል እያለ ከተለካ የባያሱ ቮልቴጅ ንባቡን ያሳስታል። ሁለተኛው ኃይል በርቶ፣ ጌትዌዩ ግን ጥያቄ መላክ አቁሞ የሚለካው የዲሲ ቮልቴጅ ነው። መላኩ ካልቆመ መልቲሜትሩ የሚያሳየው የዳታውንና የዕረፍቱን አማካይ ስለሆነ ቁጥሩ ምንም አይነግርም።

ኦሙ ጌትዌዩ ጋ 35 ሆኖ ተገኘ። ሁለት ጫፍ ያለው ትክክለኛ መሥመር በሁለት የ120 ኦም ሬዚስተሮች ምክንያት ወደ 60 መቅረብ ነበረበት፤ ኬብሉ ረጅም ሲሆን ከ60 ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ ዝቅ አይልም። 35 ማለት በመሥመሩ ላይ አራት ተርሚኔሽን አለ ማለት ነው። ኬብሉን ተከትሎ ሲታይም እንዲሁ ነው። ከጌትዌዩ 40 ሜትር ላይ አንድ ጀንክሽን ቦክስ አለ፤ ከዚያ ሦስት ቅርንጫፍ ይወጣል፦ 35 ሜትር ወደ አንደኛው ፓነል፣ 50 ሜትር ወደ ሁለተኛው፣ 130 ሜትር ወደ ፓምፕ ክፍሉ። በሦስቱም ጫፍ 120 ኦም ተገጥሟል፤ አራተኛው የጌትዌዩ የራሱ ነው።

የዕረፍት ቮልቴጁ ጌትዌዩ ጋ 0.128 ቮልት፣ ፓምፕ ክፍሉ ጋ 0.093 ቮልት ነው። የጌትዌዩ ውስጣዊ ባያስ 680 ኦም ወደ 5 ቮልት፣ 680 ኦም ወደ ዜሮ ስለሆነ ሒሳቡ ከልኬቱ ጋር ይገጥማል፦

```
V = 5 × 35.6 / (680 + 680 + 35.6) = 0.128 V
```

የአርኤስ 485 ተቀባይ ልዩነቱ ከ+200 ሚሊቮልት በላይ ወይም ከ−200 በታች ሲሆን ብቻ ነው ምን እንዳነበበ ዋስትና የሚሰጠው። በመካከል ያለው እንዳሻው ነው። 93 ሚሊቮልት ላይ ያለ መሥመር ማንም በማይልክበት ጊዜ ተንሳፎ ይቀራል፤ ጥቂት ረብሻ ሲነካው ተቀባዩ ወደ ዜሮ የወረደ ይመስለውና «ስታርት ቢት መጣ» ብሎ ባይት መቁጠር ይጀምራል። በአንድ ላፕቶፕና ዩኤስቢ መቀየሪያ መሥመሩ ሲደመጥ የታየው ይኸው ነው። የመጀመሪያው መስመር ትክክለኛ መልስ ነው፤ ሁለተኛው ያው መልስ ከፊቱ አንድ ትርፍ ባይት ተለጥፎበት፦

```
01 03 04 00 00 00 00 FA 33
00 01 03 04 00 00 00 00 FA 33
```

ሁለተኛውን የሚቀበል ማስተር አድራሻውን 00 አድርጎ ስለሚያነበው መልሱን ይጥለዋል። መልስ የሚመጣ፣ ነገር ግን ከፊቱ ወይም ከኋላው ትርፍ 00 የሚታይበት መሥመር ሲገጥም ሶፍትዌሩን ከመመርመር በፊት የዕረፍት ቮልቴጁን መለካት ይገባል።

ሜትሮቹ ለምን ደህና ሆነው ኢንቨርተሮቹ ብቻ እንደሚሰቃዩም ከዚህ ይገባል። አንዳንድ አዳዲስ የተቀባይ ቺፖች መለያ መስመራቸው ከ−200 እስከ −50 ሚሊቮልት ስለሆነ ዜሮ ቮልትን እንኳ እንደ ዕረፍት ይቆጥሩታል። በአንድ መሥመር ላይ ሁለቱም ዓይነት ሲቀላቀል ችግሩ የመሣሪያ ብልሽት ይመስላል።

ሬዚስተር ሳይጨመር በፊት የነበረውም በዚሁ ሒሳብ ይገለጻል። የጌትዌዩ 120 ኦም ብቻውን ሳለ የዕረፍት ቮልቴጁ 5 × 120 / 1480 ማለትም ወደ 0.4 ቮልት ነበር። ሬዚስተር የጨመረው ሰው ያሰበው ነጸብራቅን ማጥፋት ነበር፤ ያጠፋው ግን ባያሱን ነው።

ቀን 2፦ ኮከቡን ወደ ሰንሰለት መለወጥ

ሦስት ቅርንጫፍ ያለው ኮከብ ከጌትዌዩ ጋር አራት ጫፍ ስላለው በሁለት ተርሚኔሽን አይዘጋም፤ በአራት ቢዘጋ ደግሞ ባያሱ ይወድቃል። መፍትሔው ቅርጹን መለወጥ ነው። ወደ ሁለቱ ፓነሎች የሚሄዱት ቱቦዎች ሁለተኛ ኬብል ይይዛሉ፤ ስለዚህ መሥመሩ ወደ አንደኛው ፓነል ሄዶ፣ አምስቱን ሜትሮች አዳርሶ፣ ወደ ቦክሱ ተመልሶ፣ ወደ ሁለተኛው ፓነል ሄዶ፣ ተመልሶ፣ በመጨረሻ ወደ ፓምፕ ክፍሉ ይወጣል። ርዝመቱ 40 + 70 + 100 + 130 = 340 ሜትር ሆነ። ርዝመቱ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ ይህ ግን አያስጨንቅም። በ9600 ባውድ የሞድባስ መመሪያው እስከ 1000 ሜትር ይፈቅዳል።

ቦክሱ ሲከፈት ሌላ ነገር ተገኘ። ኬብሉ ሁለት የተጠማዘዘ ጥንድ አለው፤ አንዱ ሰማያዊና ነጭ ሰማያዊ፣ ሌላው ብርቱካናማና ነጭ ብርቱካናማ። ዳታው የተዘረጋው በሰማያዊውና በብርቱካናማው ነው፤ ማለትም ከሁለት የተለያየ ጥንድ አንዳንድ ሽቦ ተወስዷል። በኦም ሜትር ሲለካ ሁሉም ነገር ትክክል ይመስላል፤ ጥምዘዛው ግን ሥራ አይሠራም። ጥምዘዛው የሚጠቅመው ረብሻው ሁለቱን ሽቦዎች እኩል ነክቷቸው ልዩነቱ እንዳይለወጥ ነው። ከተለያየ ጥንድ የተወሰዱ ሁለት ሽቦዎች ግን ረብሻውን እኩል አይቀበሉም። አሁን ዳታው በሙሉ በሰማያዊው ጥንድ ሆነ። የብርቱካናማው ጥንድ ሁለቱም ሽቦዎች አንድ ላይ ተይዘው የጋራ ዜሮ ሽቦ ሆኑ፤ ሁለቱ በአንድ ላይ ሲሄዱ የሽቦው ኦም ግማሽ ይሆናል።

በየሜትሩ ተርሚናል ላይ ገቢውና ወጪው ሽቦ በአንድ የጥንድ ፌሩል፣ ማለትም በሽቦ ጫፍ ላይ በሚጨመቅ የብረት ቱቦ፣ ውስጥ አብረው ተጨምቀው ገቡ። ምክንያቱ ጥገና ነው። ሜትሩ ሲነቀል ሁለቱ ሽቦዎች በፌሩሉ ተያይዘው ስለሚቀሩ ከዚያ ወዲያ ያሉት መሣሪያዎች አይጠፉም። ሁለት የተላጠ ሽቦ በአንድ ብሎን ሥር ሲጨመቅ ግን አንደኛው ጊዜ ሲቆይ ይላላል፤ እንዲህ ያለውን መቆራረጥ ደግሞ መፈለግ ቀናት ይወስዳል።

ቀን 3፦ ባያሱን እንደገና ማስላት

አሁን ተርሚኔሽን ሁለት ብቻ ነው፦ አንዱ በጌትዌዩ፣ ሌላው በፓምፕ ክፍሉ መጨረሻ። ኃይል ጠፍቶ ጌትዌዩ ጋ ሲለካ ግን 60 ሳይሆን 72 ኦም አሳየ። ስህተት አይደለም። የዚህ ኬብል አንድ ሽቦ በ100 ሜትር ወደ 8.5 ኦም አለው፤ ሂያጅና ተመላሽ ሲታሰብ 340 ሜትሩ ወደ 58 ኦም ነው። የሩቁ 120 ከዚህ ጋር ተደምሮ 178 ይሆንና ከቅርቡ 120 ጋር ሲጣመር ወደ 72 ይመጣል።

ይኸው የኬብሉ ኦም ባያሱንም ይበላል። የጌትዌዩ 680 ኦም እንዳለ ቢቀር የዕረፍት ቮልቴጁ በቅርብ 0.25 ቮልት ይሆናል። ይህን አይቶ «ከ200 ሚሊቮልት በላይ ነው» ብሎ መሄድ ይቻል ነበር። በሩቁ ጫፍ ግን 0.25 × 120 / 178 ማለትም 0.17 ቮልት ብቻ ይደርሳል። የዕረፍት ቮልቴጅ መለካት ያለበት ባያሱ ካለበት ቦታ በጣም በሚርቀው ጫፍ ነው።

ስለዚህ የጌትዌዩ ውስጣዊ ባያስ በማብሪያው ጠፍቶ በውጭ 470 ኦም ሁለት ተገጠመ፤ አንዱ ከጌትዌዩ 5 ቮልት መውጫ ዲ1 ወደሚባለው የዳታ ሽቦ፣ ሌላው ዲ0 ከሚባለው ወደ ዜሮ፦

```
V near = 5 × 71.6 / (470 + 470 + 71.6) = 0.354 V
V far  = 0.354 × 120 / 178             = 0.239 V
```

ከዚህ በታች መውረድም ዋጋ አለው። የሞድባስ መመሪያ የባያሱን ሬዚስተር ከ450 እስከ 650 ኦም ይወስነዋል፤ ቦታውም በመሥመሩ ሁሉ አንድ ብቻ እንዲሆን ይጠይቃል። ላኪ ቺፕ በ54 ኦም ጭነት ላይ 1.5 ቮልት እንዲያወጣ ነው የተሠራው። ሁለቱ ተርሚኔሽን 60 ኦም፣ ከባያሱ 940 ጋር ሲጣመር 56 ይሆናል። ስለዚህ 470 ላይ ገደቡ ውስጥ ነን፤ ብዙ ትርፍ ግን አልቀረም። አንድ ሰው ነገ ሦስተኛ 120 ኦም ቢጨምር ላኪውም ባያሱም አብረው ይወድቃሉ።

እዚህ ላይ «በ9600 ተርሚኔሽን ለምን አይቀርም?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ሲግናሉ በኬብል ውስጥ በሜትር ወደ 5 ናኖሰከንድ ይወስዳል፤ 340 ሜትር ደርሶ መልስ 3.4 ማይክሮሰከንድ ነው። አንድ ቢት 104 ማይክሮሰከንድ ነው፤ ተቀባዩም የሚያነበው መካከሉ ላይ ስለሆነ ነጸብራቁ እስከዚያ ሞቶ አልቋል። በ115200 ባውድ ግን ቢቱ 8.7 ማይክሮሰከንድ ብቻ ስለሚሆን ነጸብራቁ የንባቡን ሰዓት ያገኘዋል። እዚህ ተርሚኔሽኑ የቀረው ለነጸብራቅ ብቻ ሳይሆን ኦሙ ዝቅ ያለ መሥመር ከኢንቨርተር ኬብል የሚመጣውን ረብሻ በቀላሉ ስለማያነሣ ነው። ኢንቨርተር በሌለበት፣ አጭርና ዘገምተኛ መሥመር ላይ ተርሚኔሽኑን አውጥቶ ባያሱን ማስቀረት ተገቢ ምርጫ ነው።

መልስ ሰጥተው የማያውቁት ሁለት ሜትሮችም ዛሬ ተፈቱ። የሌላ አምራች ናቸው፤ ተርሚናላቸው ላይ ኤ እና ቢ ተብሎ የተጻፈው ከሌሎቹ የተገላቢጦሽ ነው። በፊደሉ መተማመን አይቻልም፤ አምራቾች በሁለቱም መንገድ ይጽፋሉ። የሚያስተማምነው መሥመሩ ራሱ ነው፦ ባያስ ባለው መሥመር ላይ በዕረፍት ጊዜ ከፍ ያለው ሽቦ ዲ1 ነው። መሣሪያው በትክክል መታሰሩ ግን የሚታወቀው መልስ ሲሰጥ ነው። እያንዳንዱ ሜትር ብቻውን ከላፕቶፑ ጋር በአጭር ሽቦ ተያይዞ ተጠየቀ፤ መልስ ያልሰጠው ሁለቱ ሽቦዎቹ ተለዋውጠው ዳግም ተጠየቀ። ሁለቱን የዳታ ሽቦዎች በመገልበጥ መሣሪያ አይቃጠልም። ሙከራው እንዲህ ነበር፦

```
mbpoll -m rtu -a 7 -b 9600 -P even -t 4 -r 1 -c 2 -1 -v /dev/ttyUSB0
```

ቀን 4፦ የዜሮው ልዩነት

ሞተሮቹ ቆመው ሁሉም 16 መሣሪያዎች ይመልሳሉ። ሦስት ፓምፖች ሲነሡ ከ13 እስከ 16 ያሉት መልስ ያቆማሉ። ባያሱ አሁን ትክክል ስለሆነ ቀጣዩ ተጠርጣሪ የጋራ ዜሮው ነው።

ቀድሞ የጋራ ዜሮ ሽቦ አልነበረም። ኬብሉን የሚሸፍነው የብረት ልባስ፣ ማለትም ሺልዱ፣ ግን በሁለቱም ጫፍ ከኧርዝ ጋር ታስሯል፤ ፓምፖቹ ሲሠሩ ክላምፕ ሜትር በሺልዱ ላይ 0.8 አምፔር አነበበ። ይህ የዳታ ኬብል ሥራ አይደለም፤ ሁለት ፓነሎች የኧርዝ ልዩነታቸውን በእሱ በኩል እያመጣጠኑ ነው። ሺልዱ ፓምፕ ክፍሉ ጋ ተፈትቶ በሽፋን ተጠቅልሎ ተዘጋ፤ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ብቻ ታስሮ ቀረ።

ከዚያ አዲሱ የጋራ ዜሮ ሽቦ ከኢንቨርተሮቹ ጋር ሳይገናኝ በፊት በእሱና በፓምፕ ፓነሉ ኧርዝ ባር መካከል ኤሲ ቮልቴጅ ተለካ። ሞተሮቹ ቆመው 0.9 ቮልት፣ ሠርተው 6.3 ቮልት።

6.3 ትንሽ ይመስላል። መልቲሜትር ግን የሚያሳየው አርኤምኤስ ነው፤ ጫፉ 8.9 ቮልት ነው። ላኪው በሚልክበት ጊዜ ሁለቱ ሽቦዎች ከራሱ ዜሮ አንጻር ለምሳሌ 1.5 እና 3.5 ቮልት ላይ ይሆናሉ። ተቀባዩ ዜሮው በ8.9 ቮልት ሲወዛወዝበት አንድ ጊዜ ከፍተኛውን ሽቦ በ12.4፣ ሌላ ጊዜ ዝቅተኛውን በ−7.4 ያየዋል። የአርኤስ 485 ተቀባይ የሚታገሠው ከ−7 እስከ +12 ቮልት ብቻ ስለሆነ በሁለቱም በኩል ከገደቡ ወጥቷል። የሁለቱ ሽቦዎች ልዩነት ፍጹም ንጹሕ ቢሆን እንኳ ንባቡ ይበላሻል። «ዲፈረንሻል ስለሆነ ግራውንድ አያስፈልገውም» የሚለው አባባል የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የጋራ ሽቦውን በቀጥታ ከኢንቨርተሮቹ ዜሮ ጋር ማሰርም መፍትሔ አይደለም፤ የ0.8 አምፔሩ ዓይነት ጅረት በዚያ ቀጭን ሽቦ ይሄዳል። ልዩነቱ ከአንድ ሁለት ቮልት ባያልፍ ኖሮ ማሰሩ በቂ ነበር። 6.3 ላይ ግን መለየት ያስፈልጋል።

ቀን 5፦ አይሶሌትድ ሪፒተር

አይሶሌትድ ሪፒተር ሲግናሉን ተቀብሎ ወደ ሌላኛው ወገን የሚደግም፣ የሁለቱን ወገን ዜሮ ግን የማያገናኝ መሣሪያ ነው። ሪፒተሩ በፓምፕ ክፍሉ፣ ከመጀመሪያው ኢንቨርተር ፊት ገባ። ኃይሉን ከፓምፕ ፓነሉ 24 ቮልት ያገኛል። ሦስቱ ክፍሎቹ፣ ማለትም ኃይሉ፣ አንደኛው ወገንና ሁለተኛው ወገን፣ እርስ በርስ የተለያዩ መሆናቸው ከመግዛት በፊት ይረጋገጥ። አንዱ ወገን ከኃይሉ ጋር ዜሮ የሚጋራበት ዓይነት አለ፤ እዚህ ያ ወገን ወደ ጌትዌዩ ቢዞር የፓምፕ ክፍሉ ዜሮ በሪፒተሩ በኩል ተመልሶ ይገባል።

ሪፒተር ሲገባ አንዱ መሥመር ሁለት መሥመር ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። የጌትዌዩ ወገን እንደ ቀን 3 ሒሳብ ቀጠለ፤ የሩቁ 120 ኦም ከመጨረሻው ኢንቨርተር ተነሥቶ በሪፒተሩ መግቢያ ላይ ገባ፤ የጋራ ሽቦውም ከዚያው ወገን ዜሮ ጋር ተያይዞ እዚያው አበቃ። ይህ ወገን ከኧርዝ ጋር የሚገናኘው በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ብቻ ነው። የኢንቨርተሩ ወገን 18 ሜትር ብቻ ቢሆንም የራሱ ሁለት ተርሚኔሽንና የራሱ ባያስ ያስፈልገዋል፤ የጌትዌዩ ባያስ በሪፒተሩ በኩል አያልፍም። በ560 ኦም ሁለት ሬዚስተር 5 × 60 / 1180 ማለትም 0.254 ቮልት ተገኘ። የዚህ ወገን ዜሮ ከስድስቱ ኢንቨርተሮች የመገናኛ ዜሮ ጋር ታስሮ በፓምፕ ፓነሉ ኧርዝ ባር ላይ በአንድ ቦታ አረፈ።

የሪፒተሩ የባውድ መምረጫ ከፋብሪካ በ19200 ተቀምጦ ነበር። አቅጣጫውን በጊዜ ቆጣሪ የሚለዋውጥ ሪፒተር ከመሥመሩ ለሚፈጥን ባውድ ሲቀመጥ ባይቱ ሳያልቅ መሥመሩን ይለቃል፤ ምልክቱ መልስ ተቆርጦ መምጣቱ ነው። ወደ 9600 ተመለሰ።

ቀን 6፦ ልኬትና ፈተና

የመጨረሻ ልኬቶች፣ መላክ ቆሞ፦ ጌትዌዩ ጋ 0.36 ቮልት፣ ሪፒተሩ መግቢያ ላይ 0.24፣ በኢንቨርተሮቹ ወገን 0.25። የመጀመሪያው ከሒሳቡ ትንሽ ከፍ ያለው ሜትሮቹ የራሳቸው ደካማ ባያስ ስላላቸው ነው። የጌትዌዩ ወገን ኦም 72።

ከዚያ ስድስቱም ፓምፖች በአንድ ጊዜ ተነሥተው በየሰከንዱ አንድ ጥያቄ ለ24 ሰዓት ተላከ፤ 86,400 ጥያቄ ማለት ነው። የሲአርሲ፣ ማለትም የመልእክቱ ማረጋገጫ ቁጥር፣ ስህተት አልታየም። ትርፍ 00 ባይትም የለም። 11 ጊዜ መልስ ዘግይቷል፤ 11ዱም ከሜትር 4 ሲሆኑ የሌሎቹ ሜትሮች በዚያው ሰዓት ደህና ነበሩ። ይህ የሽቦ ችግር አይመስልም፤ ሜትሩ ውስጣዊ ስሌት ሲሠራ መልሱ ይዘገያል። የጌትዌዩ የመጠበቂያ ጊዜ ለዚያ አድራሻ ከ200 ወደ 500 ሚሊሰከንድ ከፍ ብሎ ፈተናው ሲደገም አልታየም።

በሁለቱ ፓነሎችና በፓምፕ ክፍሉ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ሦስት መስመር ተጽፎ ተለጠፈ፦ ተርሚኔሽኑ የት የት እንዳለ፣ ባያሱ የት እንዳለና የዕረፍት ቮልቴጁ በዚያ ቦታ ስንት መሆን እንዳለበት። በአንደኛው ፓነል ላይ «እዚህ ተርሚኔሽን አይገባም» ተብሎም ተጨምሯል።